ሳህኑን ሳይሆን ጉርሻውን አክብደው

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ እህቴ። 27 ዓመቴ ነው። መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እሸጣለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74፣ ክብደቴ 50 ኪሎ ነው። ሰው ሁሉ ‹አሞህ ነው እንዴ?› ይለኛል፤ ሰልችቶኛል። ባለፈው ልወፍር ብዬ አንድ ወር ሙሉ በርገር ስበላ፣ ቺፕስና ለስላሳ ሳዘወትር ከረምኩ። ሆዴ ትንሽ ገፋ፣ ጨጓራዬ ተነሳ፣ እጄና እግሬ ግን ያው ናቸው። ጠዋት ቁርስ አይበላልኝም፣ በማኪያቶ ነው የምውለው። ምሳ 8 ሰዓት ገደማ ሽሮ ወይ ተጋቢኖ እበላለሁ። ማታ ቤት ገብቼ በደንብ እበላለሁ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 6 ሰዓት እጾማለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹የሚያወፍር ኪኒን አለ፣ ፊትህ በ2 ሳምንት ይሞላል› አለኝ። ልሞክረው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?»
ቀጭኑ፣ ከመርካቶ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከኪኒኑ ልጀምር። ዛሬ ማታ ልትውጠው ስለምትችል እሱ ጊዜ አይሰጥም።

አትሞክረው። «ፊት በ2 ሳምንት ይሞላል» ሲባል ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን የሚባለው መድኃኒት ነው። ለከባድ አለርጂ፣ ለእብጠትና ለመሳሰሉት ሐኪም የሚያዘው ነው፤ ለዚያ ሥራው ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ለሳምንታት ሲወሰድ ግን ፊትን ያሳብጣል፣ ሆድና ጀርባ ላይ ስብ ያከማቻል። የእጅና የእግር ጡንቻን ደግሞ ይበላዋል። አንተ የተቸገርክበት እጅህና እግርህ ይበልጥ ይቀጥናሉ ማለት ነው። በዚያ ላይ ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅም ይዳከማል። ሰውነት በተፈጥሮ የሚሠራውን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረቱን ስለሚቀንስ፣ ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቆመው ራሱን ሊስት፣ ለሕይወት አስጊ ችግር ውስጥም ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ይህን የምታነቡና እየወሰዳችሁ ያላችሁ ሰዎች፣ ዛሬውኑ አትጣሉት። ሐኪም ጋ ሂዱና ቀስ በቀስ እንዲያስቆማችሁ አድርጉ። ሌላው «የሚያወፍር ኪኒን» ተብሎ የሚሸጠው ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት ሊጨምር ይችላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ስታቆመውም ፍላጎትህ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አመጋገብህ ግን አልተለወጠም።

አሁን ወደ አንተ። ክብደትህን ለቁመትህ ሁለት ጊዜ ስናካፍለው 16.5 ይመጣል። ቢኤምአይ የሚባለው ይህ ነው። ለአዋቂ ሰው የጤናማው ዝቅተኛ ልክ 18.5 ነው። በአንተ ቁመት እዚያ ለመድረስ 56 ኪሎ ያስፈልግሃል። 6 ኪሎ ይጎድልሃል ማለት ነው፤ 20 ወይም 30 አይደለም። ይህን ቁጥር ያዘው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድሮም 50 ኪሎ ነበርክ? ወይስ አምና 54 ነበርክና ወረድክ? በደብዳቤህ አልነገርከኝም። ሁለቱ በፍጹም አንድ አይደሉም። ከ18 ዓመቱ ጀምሮ እዚያው ላይ የቆየ ቀጭን ሰው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የሚበላውና የሚያቃጥለው ስለተመጣጠነ ነው የማይጨምረው። ሳያስበው ባለፉት 6 ወራት ወይም ባንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ የቀነሰ ሰው ግን አስቀድሞ መመርመር አለበት። በአንተ ልክ ይህ ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ነው። ሚዛን ባይኖርህ ቀበቶህን እይ። አምና የምትቆልፍበት ቀዳዳ አሁን ሰፍቶብሃል?

ቀንሰህ ከሆነ፣ ወይም ከ2 ሳምንት በላይ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ካለብህ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቀድማል። ልብህ ዝም ብሎ የሚደልቅ፣ ሙቀት የማትችል፣ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ውሃ የሚያስጠማህ፣ ሽንት የሚያመላልስህ ከሆነ የደም ስኳርህ ይታይ። ተቅማጥ የሚመላለስብህ ወይም ጥሬ ሥጋ የምትወድ ከሆነ ሰገራህ ይመርመር። የኤችአይቪ ምርመራም ቢካተት ጥሩ ነው። ምንም ምልክት ባይኖርህም 16.5 ላይ ላለ ሰው አንድ ጊዜ ጠቅላላ ምርመራ ማድረግ እመክራለሁ። ጨጓራህን ስትታይም የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ምርመራ ጠይቅ። ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው ሳያውቀው ምግብ ይፈራል፣ ቶሎም ይጠግባል። ያንን ሳታስተካክል የምሰጥህ የምግብ ምክር ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለሌሎች አንባቢዎች። ቢኤምአያችሁ ከ16 በታች ከወረደ፣ ወይም ለብዙ ቀናት ምንም ያልበላ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ በአንዴ ብዙ ማብላት አደገኛ ነው። የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያሉት ፎስፈረስና ፖታሲየም ይወርዳሉ፣ ልብም ሊታወክ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በሐኪም ክትትል ነው የሚመገበው።

ምርመራህ ደህና ከሆነ እንቀጥል።

ያንድ ወሩ በርገርና ለስላሳ ለምን ሆድህን ብቻ ገፋው? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ጡንቻ ዝም ብሎ አይጨምርም። የሚያሠራው ጭነትና የሚገነባበት ፕሮቲን ይፈልጋል። ሁለቱ ካልተሟሉ የተረፈው ኃይል በአብዛኛው ወደ ስብ ይሄዳል፣ ወንድ ልጅ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ሆድ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ቺፕሱና ለስላሳው ለጊዜው ያጠግቡሃል፣ ጋዙ ሆድህን ይነፋዋል፣ ከዚያ ምሳህ ይቀንሳል። ቀጭን ሰውም ስኳርና ስብ ሊበዛበት፣ ጉበቱ ሊሰባ ይችላል። ቅጥነት ከዚህ አያድንም።

ብዙ ቀጭኖች ሊወፍሩ ሲነሱ ሳህኑን ያሳድጋሉ። ሁለት እንጀራ የሚበላው ሦስት ይላል። ለሦስት ቀን ይሆናል፣ በአራተኛው ቀን ሆዱ ይነፋል፣ ያስጠላዋል፣ ይተወዋል። የቀጭን ሰው ችግር ብዙ ጊዜ ቶሎ መጥገብ ነው። ስለዚህ ሳህኑን ተወው። ጉርሻው ይክበድ። በዚያው መጠን ውስጥ ብዙ ኃይል የያዘ ነገር ጨምርበት። በምግቦቹ መካከል ደግሞ የሚጠጣ ነገር አስገባ፣ ፈሳሽ ከጠጣር ምግብ ቶሎ ከሆድ ይወጣልና።

ምን ያህል ልጨምር ካልከኝ፣ የምትበላውን ሁሉ መቁጠር አያስፈልግህም። ክብደትህ ባለበት ቆሞ ከሆነ፣ የምትበላው የምታቃጥለውን ያህል ነው ማለት ነው። ቆሞ ለሚውል የአንተ ዓይነት ሰው ያ በግምት 2,000 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከምሳህና ከእራትህ አትቀንስ። በላያቸው ላይ በቀን ወደ 450 ካሎሪ ጨምር። ይህ በሳምንት ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ጭማሪ ይሰጣል። ከዚያ በላይ የሚሮጥ ክብደት አብዛኛው ስብ ነው፣ አልፈልግልህም።

ጭማሪውን የት እናስገባው? ክፍት ቦታህ ጠዋት ነው። ከእራት እስከ ምሳ ከ15 ሰዓት በላይ ያለ ምግብ ትቆያለህ። ማኪያቶው ደግሞ ረሃብህን ይገድለዋል፤ «ቁርስ አይበላልኝም» ያሰኘህም እሱ ሳይሆን አይቀርም። ማኪያቶን አልከለክልህም። ከቁርስ አንድ ሰዓት በኋላ ጠጣው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከሽሮና ከጤፍ የምታገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉም ይህ ልዩነት ይጠቅምሃል። ጫት ወይም ሲጋራ ካለም እውነቱን ለራስህ ንገረው። ጫት ፍላጎትን አጥፍቶ የሚያውል ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ እየቃመ ክብደት የጨመረ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጠንካራ ቁርስ አልልህም፣ አይሆንልህም። የሚጠጣ ቁርስ ግን ይሆናል። በሶ ታውቃለህ። አንድ ብርጭቆ ሙሉ ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና አንድ ሙዝ አንድ ላይ ፍጭ። ጁስ መፍጫ ከሌለህ ሙዙን በሹካ አድቅቀህ በጠርሙስ ውስጥ በደንብ ናጠው። ወተቱ ወደ 150፣ በሶው ወደ 105፣ የለውዝ ቅቤው ወደ 95፣ ሙዙ ወደ 100 ካሎሪ አላቸው። የምንፈልገው 450 ይኸው። ከ15 ግራም ያላነሰ ፕሮቲንም አለው። ስኳር አትጨምር፤ ሙዙ ራሱ ይበቃል።

ወተቱን ቀድመህ አፍላው። በሶው የተቆላ ገብስ ስለሆነ ማብሰል አያስፈልገውም። የለውዝ ቅቤ ስትገዛ ጀርባውን አንብብ፤ ለውዝና ምናልባት ትንሽ ጨው ብቻ ያለበትን ምረጥ። ቤት ማስፈጨትም ትችላለህ። ግን የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ፍሬ ለቅመህ ጣል። የሻገተ ለውዝ ላይ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይኖራል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ወተት ሆድህን የሚነፋው ወይም የሚያሮጥህ ከሆነ በእርጎ ተካው፤ ለብዙ ሰው እርጎ ይስማማል። መጀመሪያ ቀን ሙሉውን ብርጭቆ አትጠጣ። ለአንድ ሳምንት ግማሹን ጠዋት ቤት፣ ግማሹን 4 ሰዓት ላይ ሱቅ ውስጥ ጠጣው። ከዚያ በኋላ እንደ ሆድህ ማዋሃድ ትችላለህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርህ። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ ወጣት ይህንኑ ሲጠጣ ከርሞ «ምንም አልጨመርኩም» ብሎ መጣ። የሦስት ቀን ምግቡን በማስታወሻ ደብተር እንዲጽፍ አደረግሁት። ጠዋት በደንብ ይጠጣል። ምሳ ላይ ግን የተለመደውን አንድ እንጀራ ግማሹን ትቶ ይነሳ ነበር፣ ሳያውቀው። የጨመረውን ያህል ቀነሰ። ሰውነት የለመደውን ክብደት ይጠብቃል። ስለዚህ አንተም ለ3 ቀን፣ አንዱ የጾም ቀን ሆኖ፣ የምትበላውን ሁሉ ጻፍ። ስትጀምር አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጊዜ። ምሳህ ካነሰ በዓይንህ ታየዋለህ።

ምሳህ ላይ የምለውጠው ጥቂት ነው። ሽሮና ተጋቢኖ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ሽምብራው ፕሮቲን አለው። በማይጾምበት ቀን ሁለት ቅቅል እንቁላል አብሮ እዘዝ። እንቁላል እያንዳንዱ ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። ጥሬ እንቁላል በወተት መምታት ያወፍራል የሚባለውን አትስማ። ጥሬው በሽታ ሊያስይዝ ይችላል፣ ፕሮቲኑም ከበሰለው ያነሰ ነው የሚመጠጠው። ግማሽ አቮካዶ በሎሚና በትንሽ ጨው ከጎኑ ይሁን፣ ያ ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ ነው። ውሃህን ከምሳ በፊት ሳይሆን ከበላህ በኋላ ጠጣ፣ ባዶ ሆድህን በውሃ አትሙላው። በርገር ቤት ከምትሄድ ፉል ቤት ሂድ። ባቄላ፣ ዘይት፣ እንቁላልና አቮካዶ ባንድ ሳህን፤ ለቀጭን ሰው ከዚህ የተሻለ የመንገድ ምግብ አላውቅም።

ሱቅህ ውስጥ የተቆላ ለውዝና የገብስ ቆሎ የተቀላቀለበት ዕቃ አስቀምጥ። ደንበኛ ሲቀንስ 10 ሰዓት ላይ አንድ ጭብጥ ብላ። የለውዙን ድርሻ ከቆሎው አብዛው፣ ዘይት ያለው እሱ ነው። 30 ግራም ለውዝ ወደ 170 ካሎሪ አለው። እራትህ ላይ ቤት የሚሠራውን አትለውጥ፤ ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ በራስህ ድርሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብታፈስበት 120 ካሎሪ ይጨምራል፣ ጉርሻው አይበዛም። ይህን ግን መጀመሪያ ቀን አትጀምረው። መጀመሪያ የጠዋቱ ብርጭቆ ይሥራ። ሚዛኑ ካልተነሳ ነው ለውዙንና ዘይቱን የምንጨምረው።

አብሽን ሳትጠይቀኝ አትቀርም ብዬ ነው። በውሃ የተመታ አብሽ ብቻውን አያወፍርም። የሚያወፍረው አብሮት የሚገባው ማር፣ ወተትና በሶ ነው። መጠጣቱን ከወደድከው ጠጣ፣ ግን አብሽ ፋይበር ስለሚበዛው ሆድ ውስጥ ያብጣል፣ ከምግብ በፊት ከሆነ ያጠግብሃል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፣ ስኳርን ዝቅ ያደርጋልና።

ጭኮንም አልረሳሁትም። በሶ በንጥር ቅቤ ታሽቶ መንገደኛ ስንቁ የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም፣ በትንሽ ቦታ ብዙ ኃይል ይይዛል። የእንቁላል የሚያህል ቁራጭ አልፎ አልፎ ደስ ይላል። በየቀኑ ግን አልመክርህም። ዕለታዊ ስብህ ከለውዝ፣ ከአቮካዶ፣ ከተልባና ከዘይት ቢመጣ ለልብህ ይሻላል።

አሁን ረቡዕና ዓርብ። አብዛኛው ጾመኛ ቀጭን የሚወድቀው እዚህ ነው። በሳምንት 5 ቀን ያከማቸውን በ2 ቀን ያወርደዋል። ጾምህን ተው አልልህም፣ ያ የአንተና የንስሐ አባትህ ነው። ግን ስለ ክብደትህና ስለ ምርመራህ ለእሳቸው ንገራቸው። ለታመመና ለደከመ ሰው መንገድ አላቸው። እስከ 6 ሰዓት ስትጾም የጠዋቱ ብርጭቆ ወደ 6 ሰዓት ይሄዳል። በወተት ፈንታ ውሃ፣ የለውዝ ቅቤው ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በሶና ሙዙ እንዳሉ፣ በላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ካሎሪው እኩል ይሆናል። ከፈለግህ የተፈጨ ተልባ ጨምርበት። እሱን 6 ሰዓት ጠጥተህ ምሳህን 8 ሰዓት ብላ። ከዚያ 12 ሰዓት አካባቢ ለውዝ ወይም ሱፍ፣ ማታ እራት። ጾም ሲፈታ በአንዴ ሆድ እስኪነፋ መብላት ጨጓራህን ይቀሰቅሰዋል፣ ክብደትም አያመጣም። በጾም ቀን ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ ይኑርህ፤ ቅጠላ ቅጠልና ድንች ብቻ የበላህበት ቀን ፕሮቲንህ ከሚያስፈልግህ በጣም ያነሰ ነው። በጠቅላላው በቀን ከ60 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ለአንተ ክብደት በቂ ነው። የዱቄት ፕሮቲን መግዛት አያስፈልግህም።

ምግቡ ብቻውን ግን ያለፈውን ወር ይደግመዋል። ሆድ ይገፋል፣ እጅ ያው ነው። የተጨመረው ምግብ ወዴት እንደሚሄድ ለሰውነትህ የምትነግረው በጭነት ነው። ጂም ካለህ ጥሩ፣ ከሌለህ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይበቃሃል። ውሃ ሲሞላ እያንዳንዱ 5 ኪሎ ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እየዘለልክ። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ፑሽአፕ፣ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን ወደ ሆድ መሳብ፣ ከትከሻ በላይ ማንሳት። እያንዳንዱን 3 ዙር። ስንት ጊዜ? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እስኪከብዱህ። 8 ላይ የከበደህ 15 ላይ ቀላል ሲሆን ጀሪካኑን በ10 ሊትር ቀይረው ወይም አሸዋ ሙላበት። ጭነቱ ካላደገ ጡንቻው አያድግም። ፑሽአፕ መሬት ላይ ካልቻልክ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ ተደግፈህ ጀምር። ሩጫ ለጊዜው አታብዛ።

አሁን ወደዚያች 6 ኪሎ። ሚዛን ቤት ከሌለህ መንገድ ላይ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። አንዱን ምረጥና እሱን ብቻ ተጠቀም፤ የሁለት ሚዛን ልዩነት ከሳምንቱ ጭማሪህ ሊበልጥ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ተጸዳድተህ፣ ሳትበላ፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ ያለ ጫማ። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ቢጨምር አትደነቅ፤ አብዛኛው ውሃና አንጀትህ ውስጥ ያለ ምግብ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ምንም ባይጨምርም አትደንግጥ።

ሚዛኑ ብቻ ግን አይበቃም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘህ ወገብህን እምብርትህ ላይ፣ ክንድህን ደግሞ መሃሉ ላይ በየ2 ሳምንቱ ለካ። ወገቡ ብቻ እየሰፋ ክንዱ ባለበት ከቆመ ጭነቱ አንሷል ማለት ነው። ምግቡን አትቀንስ፣ ጀሪካኑን አክብድ። ክንድም ወገብም ካልተንቀሳቀሱ፣ በ3 ሳምንት ውስጥም ግማሽ ኪሎ ካልጨመርክ፣ ያኔ የ10 ሰዓቱን ለውዝ ጀምር። ሌላ 2 ሳምንት ጠብቅ። ካልሆነ የእራቱን ዘይት። ሁሉንም እያደረግህ፣ ደብተርህም እየመሰከረልህ፣ በ2 ወር ምንም ካልጨመርክ ወደ ሐኪም ተመለስ። ያኔ ምግቡ አንጀት ላይ እየተመጠጠ መሆኑ መታየት አለበት።

በዚህ አካሄድ 56 ኪሎ ላይ ለመድረስ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጅብሃል። ሁለት ወር ሲሞላ አካባቢ ጭማሪው ቀስ ሊል ይችላል። ሰውነትህ ሲከብድ የሚያቃጥለውም ስለሚጨምር ነው፣ ያኔ አንድ ጭብጥ ለውዝ ከፍ ማድረግ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በሶህን ግዛ፣ ለውዙን ለቅመህ አስፈጭ፣ ሰኞ ጀምር። ከ4 ሳምንት በኋላ ሦስት ቁጥር ጻፍልኝ፦ ክብደትህን፣ የወገብህንና የክንድህን ልክ። የጨጓራ ምርመራህ ምን እንዳለም አትርሳ፣ በእሱ ላይ ተመስርቼ የምለውጥልህ ነገር ሊኖር ይችላል።